ኮርስ ከመጣላችሁ፣ ሴሚስተር ከማቋረጣችሁ በፊት

ልጆቼ፣ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ጎጃም ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነው። ተማሪ ሲመዘገብ፣ ሲያቋርጥ፣ ሲመለስና ሲመረቅ ወረቀቱ በእጄ አልፏል። ከሞጣ፣ ከብቸና፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ የመጡ አባቶችና እናቶችም «ልጄ ለምን ከጓደኞቹ ጋር አልተመረቀም?» ብለው መስኮቱ ላይ ጠይቀውኛል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የልጁ ስንፍና አልነበረም። በከፋው ሳምንት፣ ማንንም ሳያማክር፣ የትኛውን ቅጽ እንደሞላ በደንብ ሳያውቅ ፈርሞ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለዚያ ቅጽ ልንገራችሁ።

አንድ ኮርስ መጣልና ሴሚስተሩን በሙሉ ማቋረጥ በአፍ ሲነገሩ የሚቀራረቡ ይመስላሉ። ኮርስ የጣለ ተማሪ ግን ተማሪ እንደሆነ ይቀጥላል። ዶርሙም፣ የካፌ ካርዱም፣ መታወቂያውም አይነካም፤ ከምዝገባ ስሊፑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይወጣል። ሴሚስተሩን ያቋረጠ ግን መታወቂያውን መልሶ፣ ፍራሹን አስረክቦ ይወጣል፤ የሚመለሰውም በማመልከቻ ነው፣ ሪአድሚሽን የሚባለውን ጠይቆ። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ብዙ ተማሪ የማያስበው ነገር ይጨመራል። በመደበኛው ፕሮግራም አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ያቋረጠ ልጅ መስከረም ላይ ቢመለስ የሚወስደው ኮርስ አያገኝም፤ ያቋረጠው ሴሚስተር የሚመጣው በዓመቱ ነው። «አንድ ሴሚስተር ብቻ ልረፍ» ያለው ልጅ አንድ ዓመት ያርፋል፣ ባቹም ጥሎት ይሄዳል።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የሚማር የሁለተኛ ዓመት ልጅ አለ እንበል፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው። ባለፉት ሦስት ሴሚስተሮች 90 ኢሲቲኤስ ወስዶ ድምር ጂፒኤው 2.40 ነው። አሁን ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 የሆኑ ስድስት ኮርሶች፣ በአጠቃላይ 30 ይዟል። በሚድ ሰሞን ታይፎይድ ያዘውና ሁለት ሳምንት ተኛ። ሲነሳ አንዱ ኮርስ፣ ቲዮሪ ኦፍ ስትራክቸርስ 1 እንበለው፣ ከእጁ ወጥቷል። በሌሎቹ አምስቱ ግን ቢ ማይነስ ያህል ሊያገኝ ይችላል። ልጁ ደንግጦ «ዊዝድሮ ልሙላ» እያለ ነው። ወረቀት አውጥተን እናስላ።

ሳያቋርጥ፣ ሳይጥልም ቀጥሎ በዚያ ኮርስ ኤፍ ቢያገኝ፣ የአምስቱ ኮርሶች 25 ኢሲቲኤስ በቢ ማይነሱ 2.75 ተባዝቶ 68.75 ነጥብ ይሰጠዋል። ለ30 ሲካፈል የሴሚስተሩ ውጤት 2.29 ይሆናል። ድምሩ ከ2.40 ወደ 2.37 ይወርዳል። ኮርሱን ቢጥል ደግሞ የሴሚስተሩ ውጤት 2.75፣ ድምሩም 2.48 ይሆናል። ሴሚስተሩን በሙሉ ቢያቋርጥ ድምሩ 2.40 እንዳለ ይቆያል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በከፋው መንገድና በሙሉ ማቋረጥ መካከል ያለው ልዩነት 0.03 ብቻ ነው። ለዚህች ብሎ አንድ ዓመት የሚከፍል ልጅ አትራፊ አይደለም። ደግሞም ኤፉ በድጋሚ ተወስዶ ሲታለፍ፣ የኋለኛው ውጤት በሚቆጠርበት ዩኒቨርሲቲ ድምሩ ይስተካከላል። የድጋሚ ኮርስ አቆጣጠር በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የሚወሰን ስለሆነ የራሳችሁን አንብቡ።

አሁን ደግሞ ሕመሙ የበረታበት ልጅ እንውሰድ። ከስድስቱ አራቱን የሚያጣ፣ ሁለቱን ብቻ በሲ ፕላስ የሚያልፍ ነው። የሁለቱ 10 ኢሲቲኤስ በ2.50 ተባዝቶ ነጥቡ 25 ይሆናል። ለ30 ሲካፈል የሴሚስተሩ ውጤት 0.83 ነው፣ ድምሩም ወደ 2.01 ይወርዳል። ለመመረቅ የሚያስፈልገው ትንሹ ድምር 2.00 ነውና ልጁ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ ማለት ነው። የሴሚስተሩ ውጤት ብቻውን ዋርኒንግ ወይም ዲስሚሳል ሊያመጣበት ይችላል። ለዚህ ልጅ በሙሉ ማቋረጥ ትክክል ነው፤ 2.40ውን ይዞ ይወጣል፣ ጤናው ሲመለስ ይቀጥላል። ሁለቱ ልጆች በአንድ በሽታ ታመው፣ አንድ ዶርም ተኝተው፣ የሚያስፈልጋቸው ቅጽ ግን የተለያየ ነው። ጓደኛችሁ ያደረገውን አይታችሁ አትፈርሙ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ልጅ ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የጂፒኤው ስሌት ብቻውን ያሳስታል። ቲዮሪ ኦፍ ስትራክቸርስ 1 ለቁጥር 2 ቅድመ ሁኔታ ነው፣ ቁጥር 2 ደግሞ ለኮንክሪቱ ዲዛይን። የመጀመሪያውን የጣለ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ሲገባ ሁለተኛውን መመዝገብ አይችልም። ጂፒኤው አምሮ፣ ምረቃው ግን በዓመት ይዘገያል። ኤፍ ያገኘም ያው ነው። ስለዚህ ኮርሱ ሌላ ኮርስ የሚከፍት ከሆነ፣ ዲም ብትሆን ማለፊያ ከሆነች፣ ያቺን ዲ ለማግኘት መታገል ከመጣል ይሻላል። ኮርሱ ማንንም የማይከፍት፣ ለብቻው የቆመ ከሆነ ግን ጣሉት፤ በኋላ ከታች ባች ጋር፣ ወይም ዲፓርትመንቱ ከፈቀደ ከክረምት ወይም ከኤክስቴንሽን ተማሪዎች ጋር ትወስዱታላችሁ። ይህን ለማወቅ አድቫይዘራችሁን «ይህ ኮርስ የማን ቅድመ ሁኔታ ነው? እንደገናስ መቼ ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካሪኩለሙን ከፍቶ የሚመልስላችሁ በአምስት ደቂቃ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ አንድ ኮርስ የቀረበት ልጅ ከባቹ ጋር ለፈተናው ለመቀመጥ ይቸገራልና ይህንንም አስቡት።

ትራንስክሪፕት ላይ የሚቀረው እንደ ቀኑ ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አድ ኤንድ ድሮፕ በሚባለው ጊዜ የተጣለ ኮርስ ዱካ የለውም። ያ ካለፈ በኋላ መጣል በተፈቀደበት ቦታ፣ ከኮርሱ ስም አጠገብ ደብልዩ ይጻፋል። ደብልዩ ነጥብ የለውም፣ ጂፒኤ አያወርድም። አንድ ደብልዩ አይቶ የሚከለክላችሁ ቀጣሪ አላውቅም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ምንም ሳይሞሉ መጥፋት። ቤተሰብ ታሞ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ወይም ልብ ተሰብሮ ሻንጣ ይዞ የሄደ ልጅ ስሙ በየክፍሉ ዝርዝር ላይ እንዳለ ነው። መምህሩ ፈተና ላይ ያላየውን ተማሪ ኤንጂ፣ ማለትም ውጤት የለውም፣ ወይም ኤፍ ብሎ ይሞላበታል፤ ሬጅስትራሩም ያለ ፈቃድ ያቋረጠ ብሎ ይመዘግበዋል። ያንን ከስድስት ኮርስ ላይ ለማስነሳት ልጆች ሲንከራተቱ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። መምጣት ካልቻላችሁ በዘመድ፣ በስልክ፣ እንደምንም ዲፓርትመንታችሁ ይወቅ፤ የሐኪም ወይም የቀበሌ ወረቀት ያዙ፣ ቀኑ ያልታለፈበት።

ሕመሙ የመጣው በመጨረሻው ፈተና ሰሞን ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም የተሻለ መንገድ አለ። ትምህርቱን ተከታትላችሁ፣ ሚዱን ተፈትናችሁ ፋይናሉ ብቻ ካመለጣችሁ፣ የሐኪም ማስረጃ አቅርባችሁ ኢንኮምፕሊት ይያዝላችሁና ሜካፕ ተፈተኑ። ኢንኮምፕሊት የጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ ወደ ኤፍ ይለወጣል።

ስለ ገንዘቡ። የመደበኛ ተማሪ በወጪ መጋራት ውል ነው የሚማረው፤ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 ከመቶ በስሙ ይያዝበታል፣ ውሉንም በየዓመቱ ይፈርማል። አንድ ኮርስ መጣል ከዚህ ላይ የሚቀንሰው የሚታይ ነገር የለም፤ ትተኛላችሁ፣ ትበላላችሁ። ሴሚስተር ስታቋርጡ ደግሞ እስከ ወጣችሁበት ቀን የተጠቀማችሁበት ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ተመልሳችሁ ያንኑ ሴሚስተር ስትደግሙ የምግቡና የመኝታው እንደገና ይጨመራል። ስለዚህ ስታቋርጡ የውሉን ቢሮ «ሒሳቤ በዚህ ቀን ይቁም» ብላችሁ አስመዝግቡ። ይህን ያላደረገ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ዋናውን ዲግሪ ሊወስድ ሲመጣ፣ ያልበላው ወራት ተቆጥሮበት ሊያገኘው ይችላል። ችግረኛ ተማሪ ተብላችሁ የኪስ ገንዘብ የምታገኙ ከሆነም በወጣችሁ ቀን ይቆማል፤ ስትመለሱም በራሱ አይቀጥልም፣ እንደገና ማመልከት አለባችሁ።

በኤክስቴንሽን ወይም በግል ኮሌጅ የምትማሩት ነገራችሁ ይለያል። እናንተ የምትከፍሉት በክሬዲት ሰዓት ነውና አንድ ኮርስ መጣል ብር ነው። ግን የሚመለሰው በጊዜው የተጣለው ብቻ ነው። ጤፍ ተሽጦ የተከፈለ ብር ነውና ከመመዝገባችሁ በፊት የተመላሽ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ለማቋረጥ ከወሰናችሁ ክሊራንሱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትጣደፉ። ቅጹ ዲፓርትመንት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የዶርም ፕሮክተር፣ ካፌ፣ ንብረት ክፍል፣ የወጪ መጋራት ቢሮ እያለ ይዞራል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ቤተ መጻሕፍት ላይ ነው፤ ለጓደኛ የተዋሰ መጽሐፍ ጠፍቶ። ያቋረጣችሁበት ቀን ተብሎ የሚቆጠረው ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ማኅተም ያረፈበት ቀን ነው፤ አውቶቡስ የተሳፈራችሁበት ቀን አይደለም። አንዱን ኮፒ እናንተ ያዙ፣ ሌላውን ለወላጆቻችሁ ስጡ።

የመመለሻው ማመልከቻ የሚቀርበው ከምዝገባው ቀን አስቀድሞ ነው፤ ጥሪ እስኪለጠፍ አትጠብቁ። ስትመለሱ ካሪኩለሙ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የወሰዳችኋቸው ኮርሶች በአዲሱ ውስጥ በየትኛው እንደተተኩ ዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከዚያ አዲሱን ስሊፕ ከዚያ ጽሑፍ ጋር አስተያይታችሁ፣ የጎደለ ካለ አድ ኤንድ ድሮፑ ሳይዘጋ አስተካክሉ።