አስር ፐርሰንቱ የት ገባ? የሰርቪስ ቻርጅና የቲፕ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ከተቀመጥኩ 14 ዓመት አለፈ። ሰሞኑን አንድ ሁለት ሰው ደረሰኝ ላይ ስለሚጨመረው አስር ፐርሰንት፣ ስለ ሰርቪስ ቻርጅ ጠይቆኝ መልሴ ስለረዘመ፣ በሉ ሁላችሁም አምጡት ብያለሁ። ዝናቡም ከቤት አያስወጣም።

ጋሼ፣ አጂፕ አካባቢ አስተናጋጅ ነኝ። ደረሰኙ ላይ 10 ፐርሰንት ይላል፣ እኔ ግን ካስተናገድኩት ሒሳብ አስር ፐርሰንቱን አግኝቼ አላውቅም። ማን ነው የሚበላው?

ከመበላቱ በፊት እንቁጠረው እህቴ። አንድ ደረሰኝ እንያዝ። እንግዳው የ400 ብር ምግብ በላ። ሰርቪስ ቻርጅ 40 ብር፣ ድምሩ 440። ቫት 15 ፐርሰንት የሚሰላው በ440ው ላይ ነው፣ ስለዚህ 66 ብር። እንግዳው የሚከፍለው 506 ብር ነው። ያንቺ ጉዳይ 40ዋ ብቻ ናት። ብዙ ልጆች ከ506ቱ አስር ፐርሰንት ወስደው 50 ብር ከስልሳ ሳንቲም ይላሉ፣ ከዚያ «ተሰረቅን» ይመጣል። ለማጣራት ሙሉውን ሒሳብ ለ1.265 አካፍይው። ዋናው ሽያጭ ይወጣል፣ አስረኛው ሰርቪስ ቻርጁ ነው።

40ዋ ደግሞ ያንቺ የብቻሽ አይደለችም። ሳህኑን ያጠበ አለ፣ ሽሮውን የሠራች አለች፣ አልጋ ያነጠፈች አለች። ወደ አንድ ቋት ገብታ፣ ለየሥራው በተሰጠ ነጥብ፣ ማለትም በፖይንት ትከፋፈላለች።

ፖይንቱን ማን ነው የሚያወጣው? እኛ ጋ ካፒቴኑ 6፣ እኔ 4፣ እቃ አጣቢዋ 2 ናት። ይሄ ሕግ ላይ አለ?

የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሰርቪስ ቻርጅን አንድ ቦታ ነው የሚያነሳው፣ እሱም የደመወዝ አካል አይደለም ለማለት። እንዴት ይከፋፈል የሚል ቀመር አላስቀመጠም። ስለዚህ ማኅበር ካለ በኅብረት ስምምነቱ፣ ከሌለ በቤቱ ደንብ ወይም በቃል ልማድ ይሄዳል። በቃል የሄደ ነገር ደግሞ ሥራ አስኪያጅ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል።

አንድ ወር እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ ግን መካከለኛ ቤት እንዲህ ነው የሚመስለው። የወሩ ሽያጭ ያለ ቫትና ያለ ሰርቪስ ቻርጅ 840,000 ብር። ሰርቪስ ቻርጁ 84,000። ሠራተኛው በተስማማበት ወረቀት ለሰበራ 5 ፐርሰንት ይነሳል፣ ማለትም 4,200፤ የተሰበረ ብርጭቆና የጠፋ ማንኪያ ከዚያ ይሸፈናል። 79,800 ቀረ።

አሁን ፖይንት። ስምንት አስተናጋጅ በ4 ፖይንት 32። አምስት ወጥ ቤት በ5፣ 25። ሼፉና ካፒቴኑ በ6፣ 12። ስድስት አልጋ ክፍል በ3፣ 18። ሦስት ሪሴፕሽን በ4፣ 12። ሦስት እቃ አጣቢ በ2፣ 6። ጠቅላላ 105 ፖይንት። 79,800 ለ105 ሲካፈል አንዱ ፖይንት 760 ብር ይወጣል። አስተናጋጇ 3,040፣ እቃ አጣቢዋ 1,520።

እቃ አጣቢዋ 2 ብቻ መሆኗ እኔን አይዋጥልኝም። ሽያጭ በበዛ ቀን ሳህን የሚቆለለው እሷ ላይ ነው። ግን ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ሒሳብ አይደለም።

ወሩ መሃል ላይ የወጣ ሰውስ? እኔ 13 ቀን ሠርቼ ለቅቄ ምንም አልሰጡኝም።

ወጉ ፖይንትን በሠሩበት ቀን አባዝቶ ለወሩ የሥራ ቀን ማካፈል ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ከሆነና 13 ከሠራህ 4 ፖይንትህ 2 ይሆናል፣ ጠቅላላውም ከ105 ወደ 103 ይወርዳል። የአንዱ ፖይንት ዋጋ ወደ 775 ብር ከፍ ይላል። ልብ በል፣ ያንተ ድርሻ ስትቀር ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ጓደኞችህ ነው መሄድ ያለባት። ከወጣህ በኋላም የአንዱ ፖይንት ዋጋ 760 ላይ ከቆመ፣ ያንተን ድርሻ የያዘው ሠራተኛው አይደለም ማለት ነው። ምንም አልሰጡኝም ላልከው፣ የመጨረሻ ሒሳብህ ላይ ጠይቅ፣ በጽሑፍ። «ወሩን ያልጨረሰ አያገኝም» የሚል ደንብ ያላቸው ቤቶች አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ክርክር ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄዶ በሁለት ዓይነት መንገድ ሲያልቅም አይቻለሁ።

እኔ እንደማውቀው ሰርቪስ ቻርጅ የሠራተኛ ገንዘብ ነው፣ ደመወዝ አይደለም ብለሃል ራስህ። ታዲያ ለምን ግብር ይቆረጥበታል? ማጭበርበር ነው።

ወንድሜ ግማሹን በትክክል ይዘኸዋል። በሠራተኛ ሕግ ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ ትርፍ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያ፣ የስንብት ክፍያ ሲሰላ አይቆጠርም። ጡረታም የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው፣ ያንተ 7፣ የአሠሪው 11 ፐርሰንት። ሰርቪስ ቻርጁ ጡረታ ውስጥ አይገባም፣ ስታረጅም አይቆጠርልህም። ይሄንን ብዙ ሰው አይነግራችሁም።

የገቢ ግብር ግን ሌላ ሕግ ነው። እዚያ ከሥራ የተገኘ ገቢ የሚባለው ሰፊ ነው፣ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ቀጣሪህ በፔይሮል የሚያከፋፍልህ ሰርቪስ ቻርጅ እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ሕግ ያወጣውን ሌላው ያስገባዋል፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

እሺ ስንት ነው የሚቆረጠው? ደመወዜ 3,500 ነው። ከሰርቪስ ቻርጄ ላይ አንድ ወር 156 ብር ነው የቆረጡብኝ፣ ሌላ ወር ደግሞ 583። የቱ ነው ትክክል?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሰርቪስ ቻርጅሽ በሁለቱም ወር 3,040 አካባቢ መሆን አለበት፣ አይደል? ትክክለኛው 583 ነው። 156ቱ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የታወቀ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 ፐርሰንት፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ያለው 20 ፐርሰንት ይከፍላል፣ ከዚያም ይወጣል። ደመወዝሽ ብቻውን 3,500 ሲሆን ግብሩ 225 ነው። ከ3,040 ጋር ሲደመር 6,540 ሆነ። የ6,540 ግብር 808 ነው። 808 ሲቀነስ 225፣ 583 ይመጣል። ጡረታ ከ3,500 ብቻ 245። እጅሽ የሚገባው 5,487 ብር ነው።

156 የሚመጣው የሒሳብ ክፍሉ ሰው ሰርቪስ ቻርጁን ለብቻው ሁለተኛ ፔይሮል ላይ ሲያወጣው ነው። 3,040 ብቻውን ሲቀመጥ ነፃዋን 2,000 ደግሞ ያገኛል፣ የቀረው 1,040 በ15 ፐርሰንት 156። አንዲት ሠራተኛ ነፃዋን ሁለት ጊዜ በላች ማለት ነው። በወር የ427 ብር ጉድለት ነው፣ ለ27 ሰው ለዓመት ስታባዥው ኦዲት ሲመጣ ሒሳብ ክፍሉ ላብ በላብ ይሆናል። እኔም በጀማሪነቴ ሠርቼዋለሁ። ያኔ ሠንጠረዡ ሌላ ነበር፣ ስህተቱ ግን ይሄው። አለቃዬ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ፣ ከስድቡ ዝምታው ባሰ።

ጋሼ ይቅርታ፣ የኔ ትንሽ ይለያል። መርካቶ ጋ ቡና ቤት ነው የምሠራው፣ ሰርቪስ ቻርጅ የለም፣ ደመወዝም 1,200 ነው። አሠሪዬ «ቲፕ ታገኛለህ» ይለኛል። ሰርቪስ ቻርጅ እንዲያስገባ ማስገደድ እችላለሁ?

ማስገደድ አትችልም፣ ሰርቪስ ቻርጅ የሚያስከፍለው የፈለገ ቤት ነው። «ቲፕ ታገኛለህ» ማለት ግን ደመወዝህን እንግዳው ይክፈል ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲያስመርቅ ቤቱ ይሞላል፣ ጥሩ ወር ነው፣ ከዚያ ግቢው ባዶ ሲሆን ቲፑም አብሮ ይጠፋል። ስትደራደር በጥሩው ወር አትደራደር።

ቲፕስ? ሳጥን አለን፣ ማታ እንካፈላለን። እሱም ግብር አለበት?

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰዎች ራሳችን አንስማማም። አንዱ ወገን ከሥራ ጋር ተያይዞ የመጣ ስለሆነ ገቢ ነው ይላል። ሌላው እንግዳው በፈቃዱ በእጅ የሰጠው ነው፣ ቀጣሪው ያልያዘውን ከየት ይቀንሳል ይላል። በተግባር ከሳጥን ወጥቶ እጅ በእጅ የተካፈለ ቲፕ ፔይሮል ላይ ሲወጣ አላየሁም።

አሁን የሚያስቸግረው ቴሌብር ነው። እንግዳው 506 መክፈል ሲገባው 550 ይልክና «ቀሪውን ለልጅቷ» ይላል። 44 ብሯ የቤቱ ሒሳብ ውስጥ ገባች። ደረሰኝ የተቆረጠው ለ506 ነው። ካሸሯ ማታ የሽያጭ ማሽኑን የቀን ማጠቃለያ፣ ዜድ ሪፖርቱን፣ ከገባው ገንዘብ ጋር ስታስተያይ 44 ብር ትርፍ አገኘች። በደንብ የሚሠራ ቤት ያቺን ትርፍ «ለሠራተኛ ተከፋይ» ብሎ ለብቻ ይመዘግብና በሳምንቱ ያወጣል። የማይሠራው «የካሸር ትርፍ» ብሎ የቤቱ ገቢ ያደርጋታል። ከዚያ ቲፑ የት ገባ ሲባል ማንም አያውቅም። ምክሬ፣ የእንግዳውን ጠረጴዛ ቁጥርና ትርፉን በትንሽ ደብተር ያዙ፣ ካሸሯም ትፈርምበት።

አንድ እንግዳ ሳይከፍል ወጣ፣ ሒሳቡን 1,265 ብር ከሰርቪስ ቻርጄ ቆረጡብኝ። ይቻላል?

ከደመወዝ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያንተ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ አይቆረጥም፣ ቢቆረጥም ከወር ደመወዝህ ሲሶ አይበልጥም። ሰርቪስ ቻርጅ ደግሞ ደመወዝ አይደለም ተብሏል። ያ ጥበቃ ይድረስለት አይድረስለት እኔ በእርግጠኝነት የምነግርህ ነገር የለኝም፣ ጠበቃ ጠይቅ። የሰበራውን 5 ፐርሰንት ግን ተመልከት። ሳይከፍሉ የወጡ እንግዶችም ከዚያ ይሸፈናሉ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ሁለት ጊዜ እያስከፈሉህ ነው።

ባንክ ብድር ልጠይቅ ነው፣ የገቢ ደብዳቤ ላይ 3,500 ብቻ ጻፉልኝ።

ውሸት አልጻፉም፣ መሠረታዊ ደመወዝሽ እሱ ነው። የስድስት ወር ሰርቪስ ቻርጅ አማካይ በሌላ መስመር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፣ ግብር ስለተቆረጠበት ፔይሮሉ ምስክር ነው። ያ በሁለተኛ ወረቀት 156 ብር የተቆረጠበት ወር ካለ ግን ቀድመው ያስተካክሉት።