«ዕቃሽ ቦሌ ጉምሩክ ተይዟል» ስለሚለው ስልክ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ነኝ። በአንድ የመተዋወቂያ ገጽ ላይ ኖርዌይ የሚኖር ሀበሻ ተዋውቄ ሁለት ወር ሆነን። ለጥምቀት መጥቶ ቤተሰቦቼን ሊያነጋግር ነው። ከዚያ በፊት ስጦታ ልኬልሻለሁ አለኝ። ዛሬ አንዲት ሴት ከቦሌ ጉምሩክ ነኝ ብላ ደውላ፣ ቀረጥ 18,500 ብር በዚህ ሂሳብ አስገቢ አለችኝ። ሂሳቡ የግለሰብ ስም ነው። ልክፈል?»

እህቴ፣ አትክፈይ። እኔ ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት አዲስ አበባ ትራንዚተር ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ዕቃ ከጉምሩክ ማስወጣት እንጀራዬ ነበር። ስለ ልጁ ልብ ምንም ማለት አልችልም፣ ስለ ቀረጡ ግን በደንብ አውቃለሁ።

ቀረጥ የሚሰላው ዕቃው ታይቶ፣ ምንነቱና ዋጋው ከታወቀ በኋላ ነው። በፖስታ የመጣ ጥቅል ከሆነ መታወቂያሽን ይዘሽ ትቀርቢያለሽ፣ ይፈተሻል፣ ይተመናል፣ የሚከፈል ካለ ከፍለሽ ደረሰኝ ተቀብለሽ ትወስጃለሽ። በፈጣን መልእክት ድርጅት የመጣ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ ደውሎ የዕቃውን ሰነድ ይልክልሻል፣ ቀረጡን አንቺን ወክሎ ሊከፍልና ሊያስከፍልሽም ይችላል። ስለዚህ «ቀረጥ ክፈይ» መባሉ ብቻውን ማጭበርበር አያሰኘውም። ችግሩ ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ ነው። የመንግሥት ቀረጥ በመንግሥት ሂሳብ፣ የድርጅት ሂሳብ በድርጅት ስም ይገባል። በአቶ እገሌ ወይም በወይዘሮ እገሊት ስም የሚሰበሰብ ቀረጥ የለም። ለነገሩ ያ ስም የአጭበርባሪው ላይሆንም ይችላል፣ ሂሳቡን ያከራየ ወይም እንዳንቺ የተታለለ ሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። አንዲት የአዘዞ መምህርት ዘመድ አስይዛ ወደ እኔ መጣች። እሷም ውጭ የሚኖር ሰው ነበር የተዋወቀችው፣ እሱም ለጥምቀት እመጣለሁ ብሏታል። ሳጥን ላከ፤ ላፕቶፕ፣ ሽቶ፣ ወርቅ አለበት ተባለ። «የጉምሩክ ሠራተኛዋ» ደወለች፣ 12,000 ብር ከፈለች። በማግስቱ ያችው ሴት መልሳ ደውላ «ሳጥኑ ኤክስሬይ ሲታይ ውስጡ 40,000 ዩሮ ተገኘ፣ ገንዘቡ ሕጋዊ መሆኑን የሚያሳይ ሰርተፍኬት ካላወጣሽ ትጠየቂያለሽ» ብላ 85,000 ብር ጠየቀች። እኔ ጋ የመጣችው ብድር ልትወስድ ስትል ነው።

እዚህ ጋ አሠራራቸውን ልብ በይ። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ አትጫንም፣ «ግዴታ የለብዎትም፣ ግን ዕቃው ይወረሳል» ትላለች። የሚያስጨንቀው ሰውዬው ነው። «ለሠርጋችን ያጠራቀምኩትን ነው የደበቅኩልሽ፣ አሁን ካልከፈልሽ አለቀልኝ» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይደውልላታል። የመጀመሪያው ክፍያ ለከፋይዋ አቅም የተመጠነ ነው፣ ከፍላ ካየች በኋላ ነው ትልቁ የሚመጣው። ያን ከከፈለች ደግሞ ሌላ ስም ያለው ክፍያ ይወጣል። ዩሮው ራሱ ታሪኩን ያፈርሰዋል። የታወቁት የመልእክት ድርጅቶች ጥሬ ገንዘብ በጥቅል አይቀበሉም።

ሰውዬው የላከላት የሳጥኑ መላኪያ ወረቀት ፎቶም ነበር። የተቀባይ ስሟና ስልኳ ከሌላው ጽሑፍ በተለየ ፊደል ተተይቧል፣ ክብደቱ 15 ኪሎ ይላል፣ የላኪው አድራሻ ግን ከከተማ ስም በቀር ምንም የለውም። ከወረቀቱ ጋር የመከታተያ ቁጥርና የድርጅቱ ተብዬ ድረ ገጽ ተልኮላታል። ድረ ገጹን ከፍተን ቁጥሩን ስናስገባ «ጉምሩክ ተይዟል» አለ። የመጨረሻውን አሃዝ ቀይሬ አስገባሁ፤ አሁንም ያው የሷ ሳጥን፣ ያው ስሟ። መምህርቷ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። ሁሉም የውሸት ገጽ እንዲህ ዝርክርክ አይደለም፣ የተሻለ የሠሩም አሉ።

አንቺ ዛሬውኑ ልታደርጊው የምትችዪው ይህን ነው። የመከታተያ ቁጥሩን ላክልኝ በይው። በኖርዌይ ፖስታ የተላከ ዓለም አቀፍ ጥቅል ከሆነ ቁጥሩ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻው ላይ የላኪውን አገር የሚያሳዩ ሁለት ፊደሎች አሉት፤ ለኖርዌይ NO ነው። በሌላ ድርጅት ከሆነ የድርጅቱን ስም ጠይቂና ገጹን ራስሽ ፈልገሽ አስገቢው። የሱን ሊንክ አትንኪው። ቁጥሩ የሚሠራው እሱ በሰጠሽ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ ዕቃ የሚባል ነገር የለም።

ስለ ሰውዬው ማንነት ደግሞ፣ ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ ፈልጊው። የመምህርቷ ሰው ፎቶ መጀመሪያ አልተገኘም፤ ግራና ቀኙን ገልብጠን ስንፈልገው ግን በሌላ ስም፣ በሌላ አገር የሚኖር ባለትዳር ወጣ። ግን ምንም ካልተገኘ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፣ ከተዘጋ የፌስቡክ ገጽ የተሰረቀ ፎቶ ፍለጋ ላይ አይመጣም። ከፎቶው ይልቅ የቪዲዮ ጥሪ ይሻላል፣ ግን ያለ ቀጠሮ፣ በድንገት። እጅህን ፊትህ ላይ አሳልፍ፣ ተነስተህ መስኮቱን አሳየኝ በይው። ካሜራዬ ተበላሽቷል እያለ ሁለት ወር የሚቆይ ሰው ኖርዌይ ውስጥ ስልክ አያሠራም እንዴ?

የመምህርቷ ሰው «እናቴ የቁስቋም ሰፈር ልጅ ናት፣ በየዓመቱ ታቦቱ ግቢው ውስጥ ሲያድር አብሬ አድር ነበር» ብሎ ጽፎላታል። የጎንደር ልጅ ታቦት ከተራ ዕለት ወርዶ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር እንደሚያድር ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እሷ ግን በፍቅር ላይ ሆና አልፋዋለች። ቢሆንም ይህን ብቻ አትመኚው፣ አንዳንዶቹ እዚሁ አገር ተቀምጠው ስለሚሠሩት ከኛ በላይ ያውቁታል።

በመተዋወቂያው ገጽ ላይ ስታወሩ ቆይታችሁ ወደ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ እንሂድ ያለሽ እሱ ነው? አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው፤ ገጹ ላይ ሪፖርት ከተደረጉ ስለሚዘጉ ቶሎ ያወጡሻል። አሁን ግን ተናድደሽ አትዝጊበት፣ ቻቱንም አታጥፊ። ሙሉ ንግግሩን፣ የሴትየዋን ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥሩንና ስሙን ስክሪንሾት አንሺና ፖሊስ ጣቢያ ይዘሽ ሂጂ። በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ ስለዚህ «የፍቅር ጉዳይ ነው» ብሎ የሚመልስሽ ካለ ይህን ንገሪው።

ይህን የሚያነብ ሌላ የከፈለ ሰው ካለ፣ ፖሊስ ጋ ከመሄዱ በፊት ለባንኩ ይደውል። ገንዘቡ ተቀባዩ ሂሳብ ላይ እስካለ ድረስ የማገድ ዕድል አለ፣ ከወጣ በኋላ ግን በጣም ይከብዳል። «ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን፣ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ» የሚል ሰው በውስጥ መስመር ከመጣ ደግሞ ያው ቡድን ወይም ስልክ ቁጥርሽን ከነሱ የገዛ ነው።

እህቴ፣ የመከታተያ ቁጥሩንና የድርጅቱን ስም እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን። ስምሽንና ስልክሽን ግን ከፎቶው ላይ ሸፍኚ።