ድምሩ መቶ መጣ ማለት ቅጹ ትክክል ነው ማለት አይደለም

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ በአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል የምትሠራ ልጅ “ጋሼ፣ የመገምገሚያ ቅጹ ድምር መቶ ከመጣልኝ ትክክል ነው አይደል?” ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ ጨረታ አስታወሰኝ።

ጨረታው ለመጠጥ ውኃ ጥናትና ዲዛይን አማካሪ ለመምረጥ የወጣ ነበር። እኔ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ቅጹ ተዘጋጅቶ ነው የደረሰን። የጨረታ ሰነዱ ለቡድን መሪው 25 ነጥብ ይሰጣል፤ ቅጹም ላይ 25 ተጽፏል። ሰነዱ ግን ዝቅ ብሎ ይህን 25 መልሶ ይከፋፍለዋል፦ ለትምህርትና ለአጠቃላይ ልምድ 20 በመቶ፣ ለሥራው ቀጥተኛ አግባብ ላለው ልምድ 70 በመቶ፣ አካባቢውንና ቋንቋውን ለማወቅ 10 በመቶ። ወደ ነጥብ ሲቀየር 5፣ 17.5 እና 2.5 ይሆናል። ቅጹን ያዘጋጀው ባልደረባችን ያቺን መስመር ስላላያት 25ቱን ለሦስት እኩል አካፈለው፤ ለእያንዳንዱ 8.33። ድምሩ አሁንም 25፣ ጠቅላላውም መቶ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም።

አንዱ ተወዳዳሪ ያቀረበው ቡድን መሪ ዕድሜውን በውኃ መስመር ሥራ የጨረሰ መሐንዲስ ነበር። ትምህርቱ ብዙ አልገፋም፣ በእኛ አካባቢም እምብዛም አልሠራም። ለትምህርቱ 50 በመቶ፣ ለልምዱ 95፣ ለአካባቢ ዕውቀቱ 40 ሰጠነው። በሰነዱ አከፋፈል 20.1 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ በቅጹ 15.4 ሆነበት። ድርጅቱ በጠቅላላው 67.3 አመጣ። የቴክኒክ ማለፊያው 70 ስለነበር የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰለት። ያ 4.7 ነጥብ ቢኖረው 72 ገብቶ ያልፍ ነበር። ነገሩ የታወቀው ውል ከተፈረመ በኋላ፣ ፋይል ሲደራጅ ነው። ያ መሐንዲስ ውጤቱ ሲነገረው አንድም ቃል ሳይናገር ወረቀቱን አጥፎ መውጣቱ አሁንም ይታየኛል።

የዛሬ ልጆች በኤክሴል እጃችሁ ፈጣን ነው፤ ሰነድ ማንበብ ላይ ግን ትቸኩላላችሁ። የነጥብ ሠንጠረዡን አግኝታችሁ እዚያው አትቁሙ፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍና በኋላ የወጣ ማሻሻያ ካለ እሱንም አንብቡ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የተወሰደበትን ገጽና አንቀጽ የምትጽፉበት ዓምድ ይኑራችሁ፤ ለ8.33 ገጽ ስትፈልጉለት ስለማታገኙ ስህተቱ ያኔውኑ ይጋለጣል። ገምጋሚው መቶኛ ብቻ ይሙላ፣ ነጥቡን ቀመሩ ያውጣው፤ ለምሳሌ ለቀጥተኛ ልምድ የሰጠውን D5 ላይ ከነመቶኛ ምልክቱ 95% ብሎ ቢሞላ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=25*70%*D5
```

ቅጹን የኮሚቴው አባላት ሁሉ ከሰነዱ ጋር አመሳክረው ይፈርሙበት፤ ይህም የቴክኒክ ፖስታ ከመከፈቱ በፊት ይሁን። ተወዳዳሪዎቹ ከታወቁ በኋላ የሚደረግ እርማት፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ ለአንዱ ያደላ መምሰሉ አይቀርም።