ኦፕን ቡክ የሕግ ፈተና፦ ስለ ታብና ኢንዴክስ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ፈተና ስለደረሰ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለጠየቀኝ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ። ምሳሌዎቼ ከእንግሊዝ የውል ሕግ ናቸው፣ ፍረስትሬሽን የሚባለውን፣ ማለትም ውል ከተገባ በኋላ በማንም ጥፋት ባልሆነ ነገር ውሉ የሚቋረጥበትን፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይዤ ነው የማወራው፣ አሰራሩ ግን ለሌላውም ምዕራፍ ያው ነው።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ክፍት ከሆነ ለምን ኢንዴክስ እሰራለሁ? ከጀርባው ያለው ማውጫ አይበቃም እንዴ?

አይበቃም። የመጽሐፉ ማውጫ የተደረደረው በሕግ ቃል ነው፣ የፈተናው ጥያቄ ግን የሚመጣው በታሪክ ነው። «ፍረስትሬሽን» የሚል ቃል ጥያቄው ውስጥ አታገኝም፣ «አዳራሹ ተቃጠለ» ነው የሚልህ። ስለዚህ የራስህ ኢንዴክስ ከታሪኩ ተነስቶ ወደ ሕጉ የሚወስድ መሆን አለበት። ደግሞ ሰዓቱን አስላው፣ 3 ሰዓት ለ4 ጥያቄ ማለት ለአንዱ 45 ደቂቃ ነው፣ በአንድ ጥያቄ 10 ጊዜ መጽሐፍ ብትገልጥና እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ቢወስድ 20 ደቂቃህ በመግለጥ ብቻ አለቀ፣ የምትጽፍበት 25 ብቻ ነው የቀረህ። 20 ሴኮንድ ቢወስድብህ ግን ጠቅላላው 3 ደቂቃ ከምናምን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እስካሁን 60 ታብ ለጥፌአለሁ ገና አልጨረስኩም፣ ስንት ይበቃል?

እህቴ 60 ታብ ካለሽ ታቦቹን ለማንበብ ራሱ ሌላ ኢንዴክስ ሊያስፈልግሽ ነው። እኔ ከ15 አላልፍም። ለየአንቀጹ ሳይሆን ለየምዕራፉ አንድ ታብ፣ ከዛ በተጨማሪ ሁሌ ለሚመጡት ሁለት ሶስት ድንጋጌዎች ብቻ። የስታቹቱን ታብ በጎን በኩል፣ የኬዝ ማስታወሻውን ደግሞ ከላይ በኩል ለጥፊው፣ እጅሽ ሳታስቢው የቱ ጋ እንደሚሄድ ይለምዳል። ሌላው ሁሉ በገጽ ቁጥር ኢንዴክሱ ላይ ይግባ። ማስታወሻሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታታይ ቁጥር ስጪው፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ1 እንዲጀምር አታድርጊ፣ አለዚያ «ገጽ 7» የሚል ስታዪ የትኛው 7 እንደሆነ አታውቂም።

ጥያቄ፦ ሚስጥሩ ቀለም ነው፣ እኔ ሁሉንም በቀለም ለይቼ ነው ያለፍኩት፣ ለምን አትነግራቸውም?

ግማሹ ልክ ነው። ቀለም የሚጠቅመው ሁለት ወይ ሶስት ትርጉም ብቻ ሲኖረው ነው፣ ለምሳሌ ቢጫ ደንቡ፣ ሮዝ ከደንቡ ውጭ የሚያደርገው። ሰባት ቀለም ከሆነ ግን በጭንቀት ሰዓት አረንጓዴው ምን ነበር እያልክ ትቆማለህ። ላንተ ሰርቶልህ ሊሆን ይችላል፣ ግን ያዳነህ ቀለሙ ሳይሆን ስትቀባ ደጋግመህ ማንበብህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እስቲ አንድ ጥያቄ ይዘህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየን

እሺ። ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል፦ አንድ ሰው የብስክሌት ውድድር ለማየት ብቻ ሰገነት ያለው ክፍል ለአንድ ቀን ተከራየ፣ 40 ሺህ ቅድሚያ ከፈለ፣ 60 ሺህ በዕለቱ ሊከፍል፣ ባለቤቱ 10 ሺህ አውጥቶ ወንበር አስገባ፣ ከዋዜማው ውድድሩ ተሰረዘ።

የኔ ኢንዴክስ ላይ «ውል ከተገባ በኋላ ነገር ተበላሸ» የሚል አለ፣ ከስሩ እንዲህ ተጽፏል፦

ዕቃው ወይም ቦታው ጠፋ፦ ቴይለርና ካልድዌል 1863፣ ገጽ 41
ሁሉም አለ ግን የተፈለገበት ጉዳይ ቀረ፦ ክሬልና ሄንሪ 1903፣ ገጽ 42፤ ተቃራኒው ኸርን ቤይ 1903፣ ገጽ 43
ከበደ ወይም ተወደደ እንጂ አልተቻለም አይባልም፦ ዴቪስ 1956፣ ገጽ 44
ገንዘቡስ፦ የ1943 አዋጅ አንቀጽ 1፣ ጎን ታብ 6

ክፍሉ አልተቃጠለም፣ ስለዚህ ሁለተኛው መስመር ነው። ገጽ 42 ላይ በክሬል ጉዳይ ክፍሉ የተከራየው የንግሥ ሰልፉን ለማየት እንደነበር፣ ሰልፉ ሲቀር ተከራዩ ቀሪውን ኪራይ እንዳይከፍል መፈረዱን በሶስት መስመር ጽፌአለሁ። ተቃራኒውን ከጎኑ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። በኸርን ቤይ መርከብ የተከራየው ሰው የንጉሡን የባሕር ኃይል ትርኢት ለማየትና መርከቦቹን ዞሮ ለመጎብኘት ነበር፣ ትርኢቱ ቀረ ግን መርከቦቹ እዛው ስለነበሩ ውሉ ጸና። ፈታኙ የሚፈልገው ይህን ልዩነት ነው። እኛ ጋ ከውድድሩ ሌላ የቀረ ጥቅም ስለሌለ ወደ ክሬል ያደላል።

ከዛ ታብ 6። አንቀጽ 1 ንዑስ 2፦ የተከፈለው 40 ይመለሳል፣ ያልደረሰው 60 ቀሪ ይሆናል፣ ፍርድ ቤቱ ፍትሐዊ ነው ካለ ባለቤቱ ካወጣው 10 ሺህ ውስጥ ከ40ው ሊያስቀርለት ይችላል። እዚህ በቀይ የጻፍኩት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ «ቅድሚያ የተከፈለ ወይም ከመቋረጡ በፊት መከፈል የነበረበት ገንዘብ ከሌለ በዚህ ንዑስ ወጪ አይጠየቅም»። ብዙ ሰው ወጪውን ዝም ብሎ ያስመልሳል፣ ነጥብ የሚያጣው እዛ ነው። ቀጥሎ ንዑስ 3 ገንዘብ ላልሆነ ጥቅም መሆኑን፣ አንቀጽ 2 ንዑስ 3 ደግሞ ውሉ ራሱ ለዚህ አጋጣሚ ያስቀመጠው ነገር ካለ እሱ እንደሚሰራ ጠቁሜአለሁ፣ ስለዚህ መልሱን ሳልጀምር ውሉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብዬ ጥያቄውን አንዴ እመለስበታለሁ። ጠቅላላው አራት ጊዜ መግለጥ ነው።

ጥያቄ፦ ኬዝ በፊደል ተራ ነው ወይስ በርዕስ የሚደረደረው? አስተማሪያችን በፊደል አለን

እኔ በርዕስ ነው፣ ምክንያቱም ክሬልና ኸርን ቤይ ጎን ለጎን ካልሆኑ ልዩነታቸውን በቶሎ አላየውም። ግን ስሙን አስታውሶ ገጹን የሚረሳ ሰው ካለ የፊደል ተራውም ያስፈልገዋል፣ መጨረሻ ላይ ስምና ገጽ ብቻ ያለበት አንድ ገጽ ጨምር። በፊደል ብቻ የሚሰሩ ጎበዞች አውቃለሁ፣ ስለዚህ የኔን ብቻ ልክ ነው አልልም።

ጥያቄ፦ ታብ ስትል የብራውዘር ነው አይደል? እኛ በላፕቶፕ ነው የምንፈተነው፣ 30 ታብ ከፍቼ ኮምፒውተሩ ቆመብኝ

አይ የወረቀት ታብ ማለቴ ነበር፣ ግን ያንተም ጉዳይ ጥሩ ነው። 30 ከመክፈት ሁሉንም አንድ ፋይል አድርገህ ምዕራፎቹን ቡክማርክ አድርግ። Ctrl+F እንደሚሰራ ቀድመህ ሞክረው፣ ፋይሉ በስካን የተነሳ ፎቶ ከሆነ ቃል ፈልጎ አያገኝልህም። ቢሰራም «contract» ብለህ ብትፈልግ 400 ቦታ ያመጣልሃል፣ ስለዚህ ማስታወሻህ ላይ ለየርዕሱ የራስህን ምልክት፣ ለምሳሌ `##frus`፣ ጻፍበትና እሱን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ስታቹቱ ላይ መጻፍ ይፈቀዳል?

እንደ ፈተናው ነው፣ የፈተናውን ደንብ ወረቀት ዛሬውኑ አንብበው። አንዳንዱ ማስመር ይፈቅዳል ጽሑፍ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ባዶ ታብ ብቻ ነው የሚፈቅደው። እኔ አንድ ጊዜ ታቦቼ ላይ የኬዝ ስም ጽፌ ገብቼ ፈታኙ ስታቹቴን በሩ ላይ ወሰደብኝ፣ ያለሱ ነው የተፈተንኩት፣ በጣም ነው የተጎዳሁት። ከዛ ወዲህ ታብ ላይ ቁጥር ብቻ፣ ትርጉሙ ደግሞ የራሴ ማስታወሻ ላይ። ቁጥርም ከተከለከለ የታቡ ቦታ ራሱ ይናገር፣ ከላይ ወደ ታች በምዕራፍ ቅደም ተከተል ለጥፋቸው።

ጥያቄ፦ ኢንዴክሴ መስራቱን በምን አውቃለሁ?

ጓደኛህ ከአሮጌ ፈተና አንድ ታሪክ ያንብብልህ፣ አንተ ትክክለኛው ገጽ ላይ እስክትደርስ ሰዓት ይያዝ። አስር ጊዜ ሞክሩ። 30 ሴኮንድ ያለፈባት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገጽ ቁጥር ሳይሆን የመስመሩ ቃል ነው፣ አንተ «ኃላፊነት መቅረት» ብለህ ጽፈሃል ጥያቄው ግን «አልከፍልም አለ» ይላል። መስመሩን ወደ ጥያቄው ቃል ቀይረውና እንደገና ለካ።