ሪፖርተሯን «ወንድሜ» ያሏት ኮመንቶች

ሰሞኑን አንዲት የጋዜጠኝነት ተማሪ «ጋሼ፣ ኮመንቱን ሰው ይጻፈው ማሽን በምን ይታወቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በምሠራበት ድረ ገጽ አንዲት ጎበዝ ሪፖርተር ነበረችን። ገንዘብ ከፍለው ቤታቸውን ስላልተረከቡ ሰዎች ጻፈች። ዘገባው ፌስቡክ ላይ እንደወጣ ኮመንት ጎረፈ። እንደማስታውሰው አንዱ «እኔ ቤቴን በጊዜው ተረክቤያለሁ፣ በጥራቱም ረክቻለሁ፤ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ወገን አነጋግር።» ይላል። ቀጣዩ ደግሞ «ቤቴን በተባለው ቀን ወስጃለሁ፣ አሠራሩም አስደስቶኛል፤ ወንድሜ፣ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አካት።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። የልጅቷ ስምና ፎቶ እኮ ከዘገባው አናት ላይ ነው! አለቆቹ «ሕዝቡ ተቆጥቷል» ብለው ዘገባውን አወረዱት። ልጅቷም ብዙ ሳትቆይ ሙያውን ተወችው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ፖስቱ ሲጠፋ ኮመንቶቹም አብረው መጥፋታቸው ነው። ያስቀመጣቸው ሰው አልነበረም።

እነዚያን ሁለት ኮመንቶች ልብ ብላችሁ እዩ። ቃላቱ ይለያያሉ። ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ነው፦ ርክክብ፣ ጥራት፣ ምክር። አንድ ጽሑፍ ለማሽን ሰጥቶ «በሌላ አባባል ጻፍልኝ» ማለት የሚያመጣው ይህንን ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ቃል ብቻ አትፈልጉ፤ ሐሳቡ በምን ተራ እንደሚመጣ ጻፉት። «ወንድሜ»ም ዝም ብሎ አልመጣም። ከእንግሊዝኛ በማሽን የተተረጎመ አማርኛ ብዙ ጊዜ ወደ ወንድ ያዘነብላል። የኛ ሰው ሲናደድ ግን አንዱ «አንቺ»፣ አንዱ «እህቴ»፣ አንዱ «እርስዎ» ይላታል፤ የሚሳደብም አይጠፋም። አጻጻፉም እንደዚያው ነው። አንዱ «ሀሳብ» ሲል ሌላው «ሃሳብ» ይላል፤ ግማሹ በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ አራት ነጥብ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ሠላሳ ሰው ሁሉ «ሐሳብ» ብሎ በአራት ነጥብ ከዘጋ ጠርጥሩ። ድሮ ጋዜጣ ላይ ስሠራ በሦስት ስም የሚመጡ፣ የእጅ ጽሑፋቸው ግን አንድ የሆነ የአንባቢ ደብዳቤዎች ነበሩ። ያኔ ማወቁ ቀላል ነበር።

ይሁንና መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» የሚለው ሺህ ሰው ሮቦት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በየወገኑ የተዘጋጀ ጽሑፍ እየቀዱ ትዊተር ላይ የለጠፉትም ብዙዎቹ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ያልተስማማችሁበትን ሁሉ «ቦት» ማለት ትወዳላችሁ። መመሳሰሉ የሚያጠራጥረው ሰው የየራሱን ገጠመኝ በሚያወራበት ቦታ ነው። ቤት የተረከበ ሰው ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ጎረቤቱ አንድ ነገር ይላል።

ቀጥሎ ሰዓቱን እዩ። ፌስቡክን በኮምፒውተር ክፈቱ፤ ኮመንቶቹን ሁሉንም፣ አዲሱን አስቀድሞ እንዲያሳያችሁ አድርጉት። ማውዙን ሰዓቱ ላይ ስታሳርፉት ቀኑንና ደቂቃውን ይነግራችኋል። ሦስት ዓምድ አውጡና አካውንቱን፣ ሰዓቱን፣ ጽሑፉን ሙሉ። የሰው ኮመንት መጀመሪያ ይንጋጋል፣ ከዚያ ይሳሳል፤ አንዴ በአንድ ደቂቃ አምስት ይመጣል፣ አንዴ ለሰዓት ጭጭ ይላል። ማሽን የሚልከው ግን ለምሳሌ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ እያረፈ ሊሄድ ይችላል። ላኪው ክፍተቱን ቢያዛባውም ከሁለት አይወርድም፣ ከአምስት አይዘልም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተጻፈ ብላችሁ ግን አትፍረዱ፤ ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ያኔ ገና ማምሸቱ ነው። ይልቅ አንድ አካውንት የሚተኛበት ሰዓት እንዳለው ሌሎች ፖስቶቹን አይታችሁ አረጋግጡ። ሃያ አካውንት በአንድ ሰዓት ተኝቶ በአንድ ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ 1,140 አካውንቶች ያሉት፣ በቻትጂፒቲ የሚጽፍ መረብ አግኝተው ነበር። አጠራጣሪ የክሪፕቶ ድረ ገጾችን ያስተዋውቃል። ፍንጩ የተገኘው «እንደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል…» የሚለው የማሽኑ ይቅርታ ሳይሰረዝ ስለተለጠፈ ነው። ያም ሆኖ ያንን አረፍተ ነገር ከጻፉት አካውንቶች አብዛኞቹ የቻትጂፒቲን መልስ የሚያጋሩ ተራ ሰዎች ሳይሆኑ አልቀሩም። የማሽን ጽሑፍ ለዩልን የተባሉት መሣሪያዎችም ቦቱን ከሰው መለየት አቃታቸው። ጠንቃቃ ላኪ ይቅርታውን ሰርዞ ቢለጥፍ ደግሞ ያ ፍንጭም አይኖርም ነበር። አንድ ኮመንት ለብቻው ነጥሎ «ይህ ማሽን ነው» ማለት እኔም አልችልም።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ተሞልቶ፣ ተራውም ሰዓቱም አንድ ላይ ቢገጥም እንኳ «የተቀናጀ ነው» በሉ እንጂ «ማሽን ጻፈው» አትበሉ። ከፍሎ ያስጻፈ ሰውም ያንኑ ያደርጋል። አለቃችሁ ፖስቱን አውርዱ ሲላችሁም መጀመሪያ ኮመንቶቹን ከነሰዓታቸው ገልብጣችሁ አስቀምጡ።