አዲሱን ኮንሶል ከመክፈታችሁ በፊት፦ ስለ ክላውድ ሴቭ ጥያቄና መልስ

ሄኖክ፦ ከፒኤስ4 ወደ ፒኤስ5 ልቀይር ነው። ፒኤስ ፕላስ ስላለኝ ሴቮቼ በሙሉ ክላውድ ላይ አሉ ብዬ አሮጌውን ልሽጠው?

ዳዊት፦ ገና አትሽጠው ወንድሜ። ጌሙ ሴቭ ሲያደርግ የሚጽፈው ኮንሶሉ ውስጥ ነው። ወደ ክላውድ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ለብቻው የሚላክ ቅጂ ነው፤ መላኩ ደግሞ ሊዘገይ ወይም ጭራሽ ላይሆን ይችላል። ፒኤስ4 በራሱ እንዲልክ አውቶማቲክ አፕሎድ መብራት አለበት፣ ኮንሶሉም የአካውንትህ ዋና ኮንሶል ሆኖ መመዝገብ አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚልከው ሬስት ሞድ ላይ ሆኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። ተጫውተህ ስትጨርስ ሶኬቱን የምትነቅል ከሆነ ክላውድ ላይ ያለው የቆየ ቅጂ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በእጅህ ላከው። አሮጌው ላይ `Settings > Application Saved Data Management > Saved Data in System Storage > Upload to Online Storage` ግባና የምትፈልጋቸውን ጌሞች ምረጥ። ከላክህ በኋላ ወደ `Saved Data in Online Storage` ተመለስና የእያንዳንዱን ቀንና ሰዓት መጨረሻ ከተጫወትክበት ጋር አስተያይ። ካልገጠመ አልሄደም ማለት ነው። አዲሱ ላይ ደግሞ ጌሙን ከመክፈትህ በፊት የፒኤስ4 ሴቩን ራስህ አውርድ።

ፒኤስ ፕላስ የሌላችሁም መንገድ አላችሁ። ሁለቱን ኮንሶሎች በአንድ ኔትወርክ አገናኝታችሁ በዳታ ትራንስፈር ማዛወር ይቻላል፤ ሴቩም አብሮ ይሄዳል። የፒኤስ4 ሴቭ ወደ ዩኤስቢ ፍላሽም ይገለበጣል።

ሰላም፦ ከፒኤስ5 ወደ ፒኤስ5 ፕሮ ቀየርኩ። አዲሱ ላይ ጌሙን ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወትኩ። አሁን የክላውዱን ነው ወይስ የኮንሶሉን የምትይዢው እያለ ይጠይቀኛል። አሮጌው ላይ 62 ሰዓት ተጫውቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

በረከት፦ ምን ያስፈራል? ሁሌ ቀኑ የቅርብ የሆነውን መምረጥ ነው።

ዳዊት፦ በረከት ያለው በአንድ ኮንሶል ብቻ ለሚጫወት ሰው ልክ ነው። ለሰላም ግን 62 ሰዓቷን የሚያጠፋባት እሱ ነው። የሆነውን በቅደም ተከተል እዩት። አሮጌው ኮንሶል ቅዳሜ ማታ የመጨረሻውን ሴቭ ልኳል። አዲሱ ላይ ጌሙ ሲከፈት ሴቭ ስላላገኘ ከዜሮ ጀመረ፤ መጀመሪያው አውቶሴቭ ላይ ሲደርስም የዛሬ ቀን ያለበት አዲስ ፋይል ጻፈ። አሁን ክላውዱ ቅዳሜን ይዟል፣ ኮንሶሉ ዛሬን ይዟል። የቅርቡ የሃያ ደቂቃው ነው። እሱን ከመረጥሽ ወደ ክላውድ ይላክና የቅዳሜውን ይተካዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክላውዱ የትናንቱንም የትናንት ወዲያውንም በየተራ ያስቀምጣል ብሎ ነው። አያስቀምጥም። ለአንድ ጌም የሚይዘው የመጨረሻውን ቅጂ ነው፤ ከተተካ ወደ ኋላ የምትመለሺበት ቁልፍ የለም። የፒኤስ5 ጌም ሴቭ ደግሞ እንደ ፒኤስ4ቱ ወደ ዩኤስቢ አይገለበጥም። ስለዚህ 62 ሰዓትሽ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ክላውዱና አሮጌው ኮንሶል።

እንዲህ አድርጊ። ለጥያቄው መልስ ሳትሰጪ ውጪ። አሮጌውን ከኢንተርኔት ነቅለሽ አብሪና ሴቩ መኖሩን እዪ፤ ክላውዱ ላይ የሆነ ነገር ቢበላሽ እንኳ እሱ አይነካም። ከዚያ አዲሱ ላይ የክላውዱን ቀን ተመልከቺ። የቅዳሜ ማታ ከሆነ የክላውዱን ምረጪ፤ የምታጪው ሃያ ደቂቃውን ብቻ ነው። ጌሙን ከፍተሽ የመጨረሻው ቦታሽ ላይ መሆንሽን በዓይንሽ ሳታዪ አሮጌውን እንዳታጠፊው።

ሰላም፦ የቅዳሜ 4 ሰዓት ከምሽቱ ይላል። የክላውዱን መረጥኩ፣ ሁሉም አለ። እግዚአብሔር ይስጥህ።

ትዕግሥት፦ የኔ ኒንቴንዶ ስዊች ነው። ማይክሮ ኤስዲ ካርዱን ነቅዬ አዲሱ ላይ ብሰካው ሴቩ አብሮ ይመጣል አይደል?

ዳዊት፦ አይመጣም። ስዊች ሴቭን የሚያስቀምጠው ራሱ ኮንሶሉ ውስጥ ነው፤ ካርዱ ላይ ያሉት የወረዱ ጌሞች፣ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ናቸው። ካርዱን ይዘው አሮጌውን ፎርማት አድርገው የሸጡ ሰዎች ገጥመውኛል፣ በጣም ያሳዝናል።

ኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን ካለሽ ክላውድ አለሽ፣ ግን ሁሉንም ጌም አይሸፍንም። ስፕላቱን 2፣ ፖኬሞን ሶርድና ሺልድ የክላውድ ሴቭ የላቸውም። አኒማል ክሮሲንግ ኒው ሆራይዘንስ ደግሞ በመደበኛው ክላውድ አይሄድም፤ ለደሴቲቱ የራሱ የማስቀመጫ አገልግሎት አለው፣ እሱንም ራስሽ ነሽ የምታበሪው። ለእንደነዚህ ያሉት ጌሞች ሴቭ የሚሆነው `System Settings > Data Management > Transfer Your Save Data` ነው፤ አኒማል ክሮሲንግ ግን በዚህም አይሻገርም፣ የራሱ የማዛወሪያ መሣሪያ አለው። ሁለቱ ኮንሶሎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ የኒንቴንዶ አካውንት መግባት አለባቸው። ልብ በይ፣ ይሄ ቅጂ አይሠራም፣ ያዛውራል፤ ሲያልቅ ሴቩ አሮጌው ላይ አይኖርም። ስለዚህ ሁለቱንም ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ጀምሪ።

አባልነትሽን ለማቋረጥ ካሰብሽም መጀመሪያ አውርጂ። ኒንቴንዶ ካቆምሽ በኋላ ዳታውን እስከ 180 ቀን ሊያቆይልሽ ይችላል፣ ግን እስክትመለሺ ድረስ ማውረድ አትችይም።

ዮናታን፦ እኔ ኤክስቦክስ ነው ያለኝ። ምንም ሳልከፍል፣ ምንም ሳልነካ አካውንቴን ሳስገባ ሁሉም ጠበቀኝ። ለምንድነው ሰው የምታስጨንቁት?

ዳዊት፦ ጥያቄው ስለ ፕሌይስቴሽንና ስዊች ስለነበር ነው። ያልከው ግን እውነት ነው፤ ኤክስቦክስ ላይ የክላውድ ሴቭ ነፃ ነው፣ የሚያበሩት ነገርም የለም። እዚያ ችግር የሚመጣው ጌሙ ሲከፈት ሲንክ እያደረገ እያለ ሰው ሰልችቶት ሲያቋርጠው ወይም ኢንተርኔት ጠፍቶ ኦፍላይን ሲጫወት ነው። ያኔ ከክላውዱ የተለየ ሴቭ ይፈጠርና ሰላም የገጠማት ጥያቄ ይመጣል። አዲሱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍት ሲንኩ እስኪጨርስ ጠብቅ።

ሄኖክ፦ ሴቩን አወረድኩ፣ ግን የጌሙን የፒኤስ5 ቨርዥን ስከፍት ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ጠፋ እንዴ?

ዳዊት፦ አልጠፋም፣ ፒኤስ5 ቨርዥኑ እንደ ሌላ ጌም ስለሚቆጠር የፒኤስ4ን ሴቭ በራሱ አያነብም። የጌሙን ዋና ሜኑ እይ፤ ጎስት ኦፍ ሱሺማ ዳይሬክተርስ ከት ለምሳሌ የፒኤስ4 ሴቭ የማምጫ ምርጫ አለው። ምርጫው ከሌለ የፒኤስ4ን ቨርዥን ፒኤስ5 ላይ አውርደህ በነበርክበት ትቀጥላለህ።

ሚካኤል፦ የኔ ደግሞ ኮንሶሉ ሰዓቱ ተዛብቶ ነበር። ሁለቱም ሴቮች የማይሆን ቀን ነው የሚያሳዩት። በምን ልለያቸው?

ዳዊት፦ በቀን መለየት አይቻልም እንግዲህ። የፋይል መጠን ካሳየህ ይጠቁማል፣ ግን ብዙ ጌም ገና ሲጀመርም ሙሉውን መጠን ስለሚይዝ አትተማመንበት። አሮጌው ኮንሶል በእጅህ አለ? ፒኤስ4 ጌም ነው ወይስ ፒኤስ5? ፒኤስ4 ከሆነ ምንም ሳትመርጥ ኮንሶሉ ላይ ያለውን መጀመሪያ ወደ ዩኤስቢ ገልብጠውና ተመልሰህ ጻፍልን።