«አብረን እንሥራ» ሲባል በሰው ፊት ምን ይመለሳል?

«የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስን በአኒሜሽን እየሠራሁ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ እለቃለሁ። አንዱ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ሰሞኑን ትልቅ ቻናል ያላቸው አንድ አንጋፋ መምህር ቪዲዮዬ ሥር ‹ልጄ፣ ሥራህ ድንቅ ነው፤ አብረን እንሥራ፣ ምን ትላለህ?› ብለው ጻፉ። ሰው ሁሉ ‹እሺ በላቸው› እያለኝ ነው። ብግደረደር ኮራ እባላለሁ፤ እሺ ብል ምን ውስጥ እንደምገባ አላውቅም። ሁለት ቀን ሆነኝ ሳልመልስ። አባቴ ‹መጀመሪያ ዲግሪህን ያዝ› ይላል። ኮምፒውተሬም አርጅቷል። ምን ልመልስ?»

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ መልስ። ለትልቅ ሰው ሁለት ቀን ዝም ማለት ራሱ መልስ ነው፤ ያውም ደስ የማይል።

ግን «እሺ» እንዳትል። እኔ ብያለሁ። ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ሳለሁ አንድ ሰው በስብሰባ መሃል «መጽሔት አብረን እንጀምር» አለኝ። ሰው እያየ ስለነበር «በደስታ!» አልኩ። አራት እትም አቀናበርኩ። በአራተኛው ስለ ክፍያ ሳነሳ «ያኔ በደስታ አላልሽም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በገጽ ሳይቆረጥ ማውዝ ነክቼ አላውቅም። በሕጋችንም ቢሆን ውል የግድ ወረቀት አይፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1719 በሕግ የተለየ ፎርም ካልታዘዘ መስማማት ይበቃል ይላል። የአንተ «እሺ» ብቻዋን ውል ባትሆንም፣ ነገ ስትከራከር መልሳ የምትጠቀስብህ እሷ ናት።

እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

«መምህር፣ አክብረው ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የሠሩትን ማብራሪያ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያሰቡትን መስማት እፈልጋለሁ። ዝርዝሩን በውስጥ መስመር እንነጋገር፤ በዚህ ይጻፉልኝ፦ @…»

አራት አጭር መስመር፣ በቃ። «ልጄ» ቢሉህም አንተ «እርስዎ» በላቸው። ከሥራቸው አንዱን በስሙ ጥቀስ፤ ግን የምር ያየኸውን። ካላየኸው ይታወቅብሃል። «መስማት እፈልጋለሁ» እሺም እምቢም አይደለም፤ ማንም ግን ኮራ አይልህም። ዋጋ፣ ቀን፣ የቪዲዮ ብዛት እዚያ አይነሳም። «ፈተና ላይ ስለሆንኩ» የምትለዋም ትቅር፤ ማንም አልጠየቀህም።

«ይጻፉልኝ» ማለትህን ልብ በል። ብዙ ሰው «በውስጥ አናግርዎታለሁ» ይላል። ይቺን የሚጠብቁ አጭበርባሪዎች አሉ። ስምህንና ፎቶህን ገልብጠው፣ የመለያ ስምህን አንድ ፊደል ቀይረው፣ አንተን ቀድመው መምህሩ ጋ ይገባሉ። «ለመጀመሪያ ሥራ ቅድሚያ ይላኩልኝ» ይሏቸዋል። መምህሩ ገንዘብ ቢልኩ ስሙ የሚጠፋው የአንተ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን መለያ አንተው ጻፍ፤ እሱን ነክተው ይምጡ። ስልክ ቁጥር ግን አደባባይ ላይ አታስቀምጥ። ደግሞም ቀድሞ የጻፈ ሰው ሐሳቡን ቀድሞ ይዘረግፋል። አንተ ማዳመጥ ነው የሚጠቅምህ።

ሲጽፉልህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ስንት ቪዲዮ፣ የት ነው የሚለቀቀው፣ ክፍያው እንዴት ነው? «12 ምዕራፍ እንሥራ» ቢሉ፣ ለአንድ ምዕራፍ አንድ ቪዲዮ ብቻ ብትሠራ እንኳ በአንተ ፍጥነት 24 ቀን ሙሉ ነው። ትምህርት ላይ ላለ ሰው ከአንድ ሴሚስተር ክፍት ቀን የሚተርፍህ አይመስለኝም። ስለዚህ «አንድ ቪዲዮ በክፍያ እንሞክር፣ ስሜ ይግባበት፣ በሁለታችንም ቻናል ይለቀቅ» በል። የገቢ ድርሻ የሚባለውን እኔ አልወደውም፤ ገቢው በማን እጅ እንደሚገባ አስበው።

ባለቤትነቱንም በጽሑፍ ያዘው። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መሠረት በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አዛዡ ነው። እዚያው ውስጥ መስመር ላይ «ዋናው ፋይልና አኒሜሽኑ የእኔ፣ ድምፁና ማብራሪያው የእርስዎ» ብለህ ጻፍ፤ «ተስማምቻለሁ» ብለው ይመልሱልህ። ፋይሉን ከዚያ በኋላ ላክ።

አባትህ ስለ ዲግሪው ልክ ናቸው። ግን ዲግሪ ብቻውን ከነፃ ጉልበት አያድንም፤ እኔ ያን መጽሔት የሠራሁት ተመርቄ ነው። ኮምፒውተሩን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት አትቀይር።

ተመልካቾችህ «ምን ላይ ደረሳችሁ?» ማለታቸው አይቀርም። «እየተነጋገርን ነው፣ አመሰግናለሁ» በቂ ነው። ባትስማሙም እዚያ ምንም አትጨምር። መምህሩ የጻፉልህ ደግ ቃል ቪዲዮህ ሥር እንዳለ ይቆይ፤ ቀጣዩ ሥራ ሰጪ ያነበዋል።